ታገሺኝ ለማለት፣ እስከ መቼ?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 47 ነው። ሥራዬ ሸዋ ሮቢት፣ ቤቴ ደብረ ሲና ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ባለቤቴ እገባለሁ። ከተጋባን 20 ዓመት አልፎናል። ከዓመት ወዲህ ብልቴ እንደ ድሮው አይቆምም፤ ቢጀምርም ይተወኛል። ጠዋት ጠዋትም እንደ ቀድሞው አይደለሁም። ሮቢት ሙቀቱ ውሃ ያስጠጣኛል፣ ደብረ ሲና ስገባ ብርዱ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሽንት ያስነሣኛል እንጂ ሌላ ሕመም የለብኝም። ባለቤቴ ምንም አትልም። ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ደብዳቤ ልጽፍላት ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ምን ብዬ ልጻፍላት? እንድትታገሠኝስ እንዴት ልጠይቃት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሦስተኛውን ወረቀት ከማውጣትዎ በፊት አንድ ቀን ጠዋት ምንም ሳይቀምሱ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱና የደም ስኳርዎን ያስለኩ። የደም ግፊትዎንም አብረው። ስለ ደብዳቤ ጠይቀው ስለ ስኳር መመለሴ ግር ሊልዎት ይችላል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ውስጥ የሚገባው ዋናው ዐረፍተ ነገር ያለው እዚያ ነው።

ጥማቱን ለሮቢት፣ ሽንቱን ለደብረ ሲና አከፋፍለው ሰጥተዋል። ሮቢት ይሞቃል፣ ደብረ ሲናም ይበርዳል፤ እውነት ነው። ቆላ የጠጡት ውሃ ግን አብዛኛው እዚያው በላብ ይወጣል፤ ጣርማ በር ሥር ድረስ ተከትሎዎት መጥቶ ሌሊት ሦስት ጊዜ የሚቀሰቅስዎት ከሆነ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። በደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ትርፉ በኩላሊት በኩል ይወጣል፣ ሲወጣም ውሃ ይዞ ይሄዳል። ሰውየው ብዙ ይሸናል፣ ስለሸና ይጠማዋል፣ ስለጠማው ይጠጣል። በሰሜን ሸዋ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ስኳር እንዳለባቸው ያላወቁ፣ እግራቸውን ያመጣው ግን የብልት አለመቆም የሆነ ወንዶች ብዙ አይቻለሁ። እርስዎ ስኳር አለብዎት ማለቴ አይደለም፤ ሳይለኩ ግን የለብኝም ሊሉ አይችሉም። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር በሁለት የተለያዩ ቀናት 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር በሽታ ይባላል።

ስኳሩ ከብልት ጋር ምን አገናኘው? ብልት የሚቆመው በጡንቻ ኃይል አይደለም፤ በደም ነው። ስሜት ሲነሣ ነርቮች መልእክት ይልካሉ፣ የደም ሥሮቹ ይላላሉ፣ ደም ይገባል፣ የገባውም እንዳይመለስ መውጫው ይጨመቃል። ስኳር ሲሰነብት የሚጎዳው ሁለቱን ነው፤ ነርቩንም የደም ሥሩንም። ወደ ብልት የሚሄደው የደም ሥር ስፋቱ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው፤ የልብ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ቀጭኑ ቀድሞ ይቸገራል። በእርስዎ ዕድሜ የመጣ ስንፈተ ወሲብ የልብ የደም ሥሮችን እንዲመረመሩ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ሊሆን የሚችለውም ለዚህ ነው።

ስለ ጠዋቱ የጻፏት አጭር ዐረፍተ ነገር ከሁሉ በላይ ጠቅማኛለች። ጤነኛ ወንድ በአንድ ሌሊት ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ በእንቅልፉ ብልቱ ይቆማል፤ ሐሳብም ሴትም አያስፈልገውም። ጠዋት የሚያዩት የመጨረሻውን ነው። ጠዋት እንደ ወትሮው ሆኖ ከሚስቱ ጋር ብቻ የሚከዳው ሰው፣ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከጭንቀት፣ ከኩርፊያ ወይም ከፍርሃት ነው። ጠዋትም ቀስ በቀስ የደከመ ከሆነ ግን የአካል መንስኤ መፈለግ ግድ ነው። በዚያ ላይ አንዴ የከዳው ሰው በሚቀጥለው ቅዳሜ ገና በሩን ሲከፍት «ዛሬስ?» እያለ ነው የሚገባው። ያ ፍርሃት የሚያመነጨው አድሬናሊን ደግሞ ሊላሉ የሚገባቸውን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል። እናም ከአካል የጀመረው በፍርሃት ይባባሳል። የእርስዎ ሁለቱም ያለበት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ደብዳቤው። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» የምትል ዐረፍተ ነገር ባዶዋን ከተጻፈች ሚስት አታምናትም፤ እንዲያውም ያላሰበችውን ታሳስባታለች። ምክንያቱ አብሮ ሲቀመጥ ነው የምትታመነው። ይህን ያስተማረኝ አንድ የመንዝ ሰው ነው። ታሪኩን ሲፈቅድልኝ፣ ማንነቱ እንዳይታወቅ ጥቂት ነገር ለውጬ ነው የምጽፈው። ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ቁም ነገረኛ ገበሬ ነው። እንደ እርስዎ መናገር አቅቶት ለሚስቱ በወረቀት ጻፈላት፦ «በሽታ ይዞኛል። ከእንግዲህ አልነካሽም። ይቅር በዪኝ፣ ታገሺኝ።» አራት አጫጭር ነገሮች። እሱ የጻፈው ሚስቱን ላለማስጨነቅ ነው። ሴትዮዋ ምን አነበበች? ኤች አይ ቪ። በማግስቱ ለገበያ ብላ ወጥታ፣ ብቻዋን ተመርምራ፣ ነጻ የሚል ወረቀት በመቀነቷ ቋጥራ ተመለሰች፤ ለሁለት ወርም አላነጋገረችውም። በእሷ ቤት እሱ ውጭ ሄዶ በሽታ ሸምቷል። ሁለቱ አብረው እኔ ዘንድ ሲመጡ፣ «ይቺን ብቻ ግልጽ አድርጎ ቢጽፋት ኖሮ!» ያለችኝ እሷ ናት።

ስለዚህ ስሙን ይጥሩት። «ደክሞኛል»፣ «እንደ ድሮው አይደለሁም»፣ «በሽታ ይዞኛል» የሚሉት ሁሉ ለሌላ ትርጉም በር ይከፍታሉ። «ብልቴ አይቆምም» ብለው ይጻፉ። ለእኔ ጽፈውታል፣ ለእሷም መጻፍ ይችላሉ። ምርመራው አልቆ ውጤቱ እጅዎ ሲገባ እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር። ስኳር እንደተገኘብዎት አድርጌ ነው ያዘጋጀሁት፤ የእርስዎ እውነት ሌላ ከሆነ ያንን ያስገቡ።

«የልጆቼ እናት፣

ይህን በአፌ ልነግርሽ ብዙ ቅዳሜ አስቤ አቅቶኛል፤ ስለዚህ ጻፍኩት። አንብበሽ ስትጨርሺ እንደፈለግሽ ደብቂው ወይም አቃጥዪው፤ ልጆቹ እጅ እንዳይገባ ብቻ።

ከዓመት ወዲህ ብልቴ አይቆምም። አንዳንዴ ይጀምርና ይተወኛል። ከአንቺ ጋር ስሆን ብቻ የሚመጣብኝ እንዳይመስልሽ፤ ሮቢት ብቻዬን ሳድርም ጠዋት ስነሣ እንደ ቀድሞው አይደለሁም። ሌላ ሴት የለችኝም። አንቺም አላስጠላሽኝም።

ቅዳሜ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሬዲዮ ይዤ የምቆየው ዜና አምሮኝ አይደለም። አንቺን እንቅልፍ እስኪወስድሽ ነው የምጠብቀው። ከዚያ ቀስ ብዬ እገባና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። አንድ ሌሊት ‹በርዶሃል?› ብለሽ ጋቢውን ስትደርቢልኝ ነቅቼ ነበር። የተኛሁ መስዬ ዝም አልኩሽ። ያን ያደረግኩት አንቺን ፈርቼ ሳይሆን፣ ጀምሬ እንደገና ቢያቅተኝ ምን እላለሁ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩ። ስኳር በሽታ ተገኝቶብኛል፤ በሌላ ቀን ተደግሞም ያው ነው። ውሃ የሚያስጠጣኝና ሌሊት የሚያስነሣኝ እሱ ኖሯል። ሐኪሙ ብልቴንም ያደከመው እሱ ሳይሆን አይቀርም ብሎኛል። የሚተላለፍ አይደለም። ኤች አይ ቪም ተመርምሬ ነጻ ነኝ፤ ወረቀቱ አብሮ አለልሽ።

መድኃኒት ጀምሬአለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ደሜ እንደገና ይታያል። እስከዚያ እንድትታገሺኝ እለምንሻለሁ። ታገሺኝ ስልሽ ዝም በይኝ ማለቴ አይደለም። አልጋ ላይ እንደ ድሮው አብረን እንሁን፣ እቀፊኝ፣ ልቀፍሽ፤ ለጥቂት ሳምንታት ግን ከዚያ በላይ እንዳንሞክር እንስማማ። ሐኪሙ ለዚህ የሚረዳ ክኒን ካዘዘልኝም ሳልነግርሽ አልውጠውም።

አንቺስ? በዚህ ዓመት ምን እንደመሰለሽ ንገሪኝ። በአንቺ በኩልም የሚያምሽ ወይም የማይመችሽ ነገር ካለ ንገሪኝ። በአፍሽ ካቃተሽ በዚሁ ወረቀት ጀርባ ጻፊልኝ።»

የጎደለብዎት ነገር ቢመስልዎት አይግረምዎ፤ «ይቅርታ» አውቄ ነው የተውኩት። ይቅርታ የሚጠየቀው ለጥፋት ነው፤ ይቅርታ የበዛበት ደብዳቤ አንባቢዋን ጥፋት ፍለጋ ይልካታል፣ የመንዙ ሰው ሚስት እንደሄደችው። «ወንድነቴን አጣሁ» የሚለውንም አያስገቡ። እሷ ያኔ ስለ ራሷ መናገሯን ትታ እርስዎን ማጽናናት ትጀምራለች፣ የእሷ ዓመትም ሳይነገር ይቀራል። መጨረሻ ላይ ያለችውን ጥያቄ ግን እባክዎ አይቁረጧት። በእሷ ዕድሜ አካባቢ ድርቀትና ሕመም የጀመራቸው፣ ባል ሲርቅ ደግሞ በውስጣቸው እፎይ ያሉ ሴቶች አሉ። ዝምታዋ ቅያሜ ነው ብለው ወስደውት ይሆናል፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል።

ሦስት ወር ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። የስኳር ሕክምና መሥራቱን የምናይበት ኤችቢኤዋንሲ የሚባል ምርመራ አለ፤ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ይለካል። ሕዋሱ በግምት 120 ቀን ስለሚኖር ምርመራው የሚያሳየው የሁለትና የሦስት ወርን አማካይ ነው። ከዚያ በፊት መፍረድ አይቻልም። ቀን ያልተቆረጠለት «ታገሺኝ» ግን ከዝምታው ምንም አይለይም። እሷ መጋቢት ላይም ሰኔ ላይም ያው ቃል ነው የሚደርሳት። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ውጤቱን ይዘው፣ ከቻሉ አብረው፣ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። ስኳሩ ሲስተካከል ሁሉም ነገር እንደ ድሮው ይመለሳል ብዬ ተስፋ አልሰጥዎትም፤ ለብዙዎች ክኒንም ያስፈልጋል። የተጎዳ ነርቭ ሙሉ በሙሉ የማይመለስበት ጊዜ አለና።

ለጥቂት ሳምንታት አለመሞከሩ ብልሃት አለው። ማስተርስ እና ጆንሰን የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከሃምሳ ዓመት በፊት ያስተዋወቁት ዘዴ ነው፦ ባልና ሚስት ግንኙነት እንደማይኖር አስቀድመው ይስማማሉ፣ ከዚያ ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ያህል ይዳሰሳሉ፣ መጀመሪያ ብልትና ጡትን ሳይጨምር፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እየጨመሩ። ፈተና ከሌለ መውደቅ የለም፤ አድሬናሊኑም የሚነሣበት ምክንያት ያጣል። ብዙዎች የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፦ በሁለተኛው ሳምንት ብልት ሲቆም «ይኸው ዳንኩ» ብለው ስምምነቱን ያፈርሳሉ፣ መሐል ላይ ይከዳቸዋል፣ ፍርሃቱም ከነበረው በርትቶ ይመለሳል። ቢቆምም ይለፈው። ቢተኛም ይመለሳል፤ ያን ማየት ራሱ መድኃኒት ነው።

ጾሙን የሚያከብሩ ከሆነ ተስማምቶ መተው ለቤታችሁ አዲስ አይደለም። ደብዳቤውም ምርመራውም በዐቢይ ጾም ቢሆን እኔ አልጠላውም፤ 55 ቀን ማንም ከማንም የማይጠብቅበት ጊዜ ነው፤ መዳሰሱ ከፋሲካ በኋላ ይጀመራል። ጾምን መሸሸጊያ ሲያደርጉት ግን አይቻለሁ፦ ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ነገ ቅዳሴ ነው፣ ፍልሰታ ነው። ሚስት ይህን ከባሏ ቀድማ ትቆጥረዋለች። የስኳር መድኃኒት ጀምረው መጾም ካሰቡ ደግሞ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ አንዳንዱ መድኃኒት በባዶ ሆድ ስኳርን ከልክ በታች ያወርዳል።

ስለ ክኒኑ። ሲልዴናፊል የሚባለው ነው፣ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ በ50 ሚሊግራም ይጀምራል፤ ከግንኙነት አንድ ሰዓት በፊት ይዋጣል፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ አይወሰድም። ስሜት አይፈጥርም፤ የተነሣውን ያግዛል እንጂ። ውጠው ግድግዳ እያዩ ቢጠብቁ ምንም አይመጣም። ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ ከበሉ በኋላ ደግሞ ሥራው ይዘገያል። አንዴ ሞክረው አልሠራም ብለው አይጣሉት፤ በተለያዩ ቀናት ስድስት ያህል ጊዜ በትክክል ሳይሞከር አልሠራም አይባልም። ስኳር ያለበት ሰው ላይ ከሌላው ይልቅ ሊደክም ስለሚችል መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክላል። ራስ ምታት፣ የፊት መቅላትና የአፍንጫ መታፈን ያመጣል፤ ያልፋል። ብልትዎ ቆሞ ከአራት ሰዓት በላይ ካልወረደ ግን ሳያፍሩ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂዱ። ለደረት ሕመም ኢሶሶርባይድ ወይም ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ፈጽሞ ሊነካው አይገባም፤ ግፊቱ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ከማር ጋር ተቀላቅሎ «ባህላዊ» ተብሎ የሚሸጠውንም ዱቄት ይተዉት፤ በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለው ተመርምሮ ይኸው ክኒን ተደብቆ ተገኝቶበታል፣ መጠኑም አይታወቅም።

«ሳልነግርሽ አልውጠውም» የምትለውን መስመር ያስገባሁት ከዚሁ የተነሣ ነው። ቅዳሜ ብቻ ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው ኪስ ውስጥ ሚስቱ ሳታውቅ ግማሹ ያለቀ ክኒን ብታገኝ፣ ሌላው ግማሽ ሮቢት የት እንዳለቀ ነው የምትጠይቀው።

ባለቤትዎ ደብዳቤውን አንብባ «ሰው አሠርቶብህ ነው፣ ሸንኮራ ዮሐንስ እንሂድ» ልትል ትችላለች። አይከራከሯት። ይሂዱ፣ ይጠመቁ፣ ክኒንዎን ግን ይዘው ይሂዱ። ጠበል ውለው የስኳር መድኃኒት አቋርጠው፣ ተዝለፍልፈው በቃሬዛ የመጡብኝ ሰዎች አሉ። አሠሩብህ ለተባለው ግን ቁጥር ይመልስላታል፤ በደብዳቤው ውስጥ «ስኳር በሽታ ተገኝቶብኛል» ከሚለው አጠገብ ልኬቱን በአኃዝ ቢጽፉት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

አሰጣጡን በተመለከተ፦ በሰው አይላኩት፣ ልጆች በሚነኩት ስልክም አይጻፉት። ዐረፍተ ነገሩን አጭር፣ ፊደሉን ጎላ አድርገው በእጅዎ ይጻፉ። ቅዳሜ ማታ አይስጧት፤ እዚያው አልጋ ላይ መልስ የሚጠበቅባት ይመስላታል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቁርስ ተበልቶ ልጆቹ ሲወጡ በእጅዋ ይስጧትና «ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው» ብለው ወደ ጓሮ ይውጡ። ፊቷን እያዩ አይጠብቁ። ከሰዓት በኋላ ወደ ሮቢት የሚወርደውን መኪና ግን በዚያ ቀን አይሳፈሩ፤ ሰኞ ጠዋት ቢሄዱ ይሻላል።